ኤዋንሲ 5.9፣ የቤት ማሽን 190፦ የቱን ልመን?

የቦርከና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ ነኝ። እናቴ ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች፣ ግሊቤንክላማይድም ታዞላታል። ባለፈው ሳምንት ለክትትል ደሴ ወሰድኳት። ኤዋንሲ የሚባለው የስኳር ምርመራ ተሠራና 5.9 ወጣ። ነሐሴ ላይ 8.4 ነበር። ሐኪሙ በጣም ደስ አላቸው። «እንዲህ ከሆነማ ግሊቤንክላማይዱን በግማሽ እንቀንሰዋለን» አሉ። እሷ ሐረጎን ወርደን እስክንጨርስ አላህን ስታመሰግን ነበር።

ችግሩ ቤት ስንገባ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ስለካት 165፣ 172፣ 180 ይላል። ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ 205፣ 220፣ አንድ ቀን 232። ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው። አማካዩን ሳወጣው 190 አካባቢ ይመጣል። 120 የሚባል ቁጥር አይቼ አላውቅም።

ማሽኑ ነው የተበላሸው ወይስ ላቦራቶሪው ተሳስቷል? መድኃኒቱንስ ልቀንስላት?

አብዱ ፒያሳ

አብሽር ወንድሜ። ኤዋንሲ የሦስት ወር አማካይ ነው። ማሽን የዚያችን ደቂቃ ብቻ ነው የሚያሳይህ። ሰው ትንሽ ሲናደድም፣ ሽሮው ላይ እንጀራ ሲጨምርም ይወጣል። የሦስት ወሩን ግን ማንም አያታልለውም። ሰውዬው ለቀጠሮ ሲል ሳምንት ቢጾም እንኳ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ላቦራቶሪውን እመን።

ስትሪፑን ደግሞ እየው። ቆርቆሮው ክፍት ሲያድር ይበላሻል። የእኔ ወንድም ቀኑ ያለፈበት ስትሪፕ ይዞ ሦስት ወር ሲጨነቅ ከርሟል።

ሰዓዳ ሸዋ በር

እናትህ አብሽ ይጠጡ ነበር እንዴ? የእኔ አክስት አብሽ በውሃ ዘፍዝፋ እየጠጣች ነው ስኳሯ የወረደው። ሊሆን ይችላል እኮ።

ላብ ሰው

የቦርከና ልጅ፣ መድኃኒቱን ከመቀነስህ በፊት ቆይ። ደሴ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመናል። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ትንሽ አይደለም። ኤዋንሲን ወደ አማካይ ስኳር የሚቀይር የታወቀ ስሌት አለ። ኤዋንሲውን በ28.7 ታባዛለህ፣ ከዚያ 46.7 ትቀንሳለህ። 5.9ን ስታስገባው 123 ይመጣል። የአንተ ደብተር 190 ነው የሚለው። 190ን ወደ ኋላ ብትመልሰው ኤዋንሲዋ 8.2 አካባቢ መሆን ነበረበት።

በእርግጥ አንተ የምትለካው ቀን ቀን ነው፣ የሌሊቱ የለበትም። ስለዚህ 8.2 ባይሆን 7.8 ይሁን። ግን 5.9 አይሆንም። እስቲ እነዚህን መልስልኝ። ከነሐሴ ወዲህ ታመው ነበር? ደም ተሰጥቷቸዋል? ሲቢሲ የሚባለው የደም ቆጠራ ከተሠራ ሄሞግሎቢኑ ስንት ነው? ደም የሚፈሳቸው ነገር ወይም የኩላሊት ችግር አለ?

የቦርከና ልጅ

ወባ ይዟት ነበር! ጥቅምት መጨረሻ ላይ እህቷ ጋ ሐርቡ ለአጨዳ ሄዳ እዚያው ያዛት። ቤት ስትመጣ ራሷን ስታ ነበር ማለት ይቻላል። ሆስፒታል ተኝታ የአርቲሱኔት መርፌ ተሰጣት። ደሟ 6 ደርሶ ስለነበር ሁለት ከረጢት ደም ገባላት። ከዚያ የሚዋጥ መድኃኒት ጨርሳ ዳነች፣ አልሐምዱሊላህ። ኤዋንሲው የተሠራው ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ሲቢሲው በዚያው ቀን 11.4 ይላል። ኩላሊቷ ደህና ነው ተብሏል።

ግን ወባ ከስኳር ጋር ምን አገናኘው? ሐኪሙም አልጠየቁም፣ እኛም አልተናገርንም። የተኛችው ሌላ ቦታ ስለነበር ካርዷ ላይም የለም።

ላብ ሰው

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ወባው ስኳሯን አላወረደውም፣ ኤዋንሲውን ነው ያወረደው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ኤዋንሲ ስኳርን በቀጥታ አይለካም። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ላይ ስኳር ይለጠፋል፣ ከተለጠፈ ደግሞ ሴሉ እስኪሞት አይለቅም። እኛ የምንለካው ከጠቅላላው ሄሞግሎቢን ስንት በመቶው ስኳር እንደተለጠፈበት ነው። ሴሉ ወደ 120 ቀን ይኖራል። ነጠላ ቀለም ውስጥ በቆየ ቁጥር እንደሚደምቀው ሁሉ፣ ሴሉም ስኳር ባለበት ደም ውስጥ በቆየ ቁጥር ይበልጥ ይለጠፍበታል። ስለዚህ ቁጥሩ ሁለት ነገር ላይ ይቆማል። አንዱ የስኳሩ ከፍታ ነው። ሌላው የሴሎቹ ዕድሜ ነው። በደህናው ሰው ዕድሜያቸው ብዙም ስለማይለያይ እንረሳዋለን። በእናትህ ግን የተለወጠው እሱ ነው።

ወባ ሴሎቹን ፈነዳድቶ ጨረሳቸው። ጤነኛ ሰው የለገሰው ደም ገባ። ከዚያ መቅኒው እንደ አዲስ ሲያመርት ከረመ። ዛሬ ከሚዞረው ደሟ ትልቁ ክፍል ከስድስት ሳምንት በታች ዕድሜ ያለው ነው። ስኳሩ 190 ቢሆንም ገና አልተለጠፈበትም።

አብዱ ፒያሳ

እሺ፣ ደም ስለተሰጣቸው ነው በለኛ። የሰው ደም ገባ፣ ቀላቀለው፣ ወረደ። ታዲያ የተሰጣቸው ሁለት ከረጢት ብቻ ነው። ሁለት ከረጢት ይህን ሁሉ ያወርዳል?

ላብ ሰው

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እናስላው። አንድ ከረጢት ሄሞግሎቢንን በአንድ ገደማ ከፍ ያደርጋል። 6 ነበር፣ ሁለት ገባ፣ 8 ሆነ። የራሷ 6 ኤዋንሲው እንደ ነሐሴው 8.4 ነው እንበል። የለጋሹ ሁለት 5.3 ነው እንበል። 6 በ8.4 ሲባዛ 50.4 ነው። 2 በ5.3 ሲባዛ 10.6። ድምሩ 61 ነው፣ ለ8 ሲካፈል 7.6 ይሆናል።

ስለዚህ የተሰጣት ደም ብቻውን ከ8.4 ወደ 7.6 ነው የሚያወርደው። እስከ 5.9 ያለውን የሚያወርደው ከ8 ወደ 11.4 ለመውጣት መቅኒዋ ያመረተው ነው። በዚያ ላይ በስድስት ሳምንት ውስጥ ዕድሜያቸው ያለቀውን የሚተኩ አዳዲስ ሴሎች አሉ። ደም ባይሰጣትም ወባው ብቻውን ያወርደው ነበር ማለት ነው። ይህን የምልህ ብዙ ሰው «ደም አልተሰጠኝም» ብሎ ስለሚያልፈው ነው። ወባ፣ ሌላም ደም የሚያፈነዳ ሕመም፣ በወሊድ ወይም በጨጓራ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ሁሉም ወደ ታች ነው የሚጎትቱት።

ኑሩ ዘ ሐይቅ

አስተያየት ሳይሆን ጥያቄ አለኝ። ኤዋንሲ ለመሠራት ጾሜ ልምጣ ወይስ በልቼ? አንዱ ጋ ጹም አሉኝ፣ ሌላው ጋ ግድ የለም አሉኝ። ደግሞ ረመዳን ባለቀ በሳምንቱ ብሠራ የሚያሳየው ረመዳንን ብቻ ነው?

ላብ ሰው

ኑሩ፣ በልተህ ና፣ ግድ የለም። ጹም የሚሉህ አብሮ የባዶ ሆድ ስኳር ወይም ቅባት ስለሚሠሩ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄህ ደስ ይላል። «የሦስት ወር አማካይ» ሲባል ሦስቱ ወር እኩል ይመስለናል። እኩል አይደለም። ያለፈው ወር ስኳር ዛሬ ደምህ ውስጥ ያሉት ሴሎች ሁሉ ማለት ይቻላል አይተውታል። ከሦስት ወር በፊት የነበረውን ግን ያየው እስካሁን በሕይወት የተረፈው ሽማግሌ ሴል ብቻ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ግማሽ ያህሉ ካለፈው አንድ ወር ይመጣል። ሩብ ያህሉ ከዚያ በፊት ካለው ወር ነው። የቀረው ሩብ ከዚያ ወዲያ ካሉት ሁለት ወራት ነው። ረመዳን እንዳለቀ ብትሠራ ግማሽ ያህሉ የረመዳን ነው፣ ረጀብና ሻዕባንም አሉበት። የሦስት ቀን ጾም ግን ምንም ያህል አያነቃንቀውም። እዚህ ላይ አብዱ ልክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አማካይ መሆኑን አትርሱ። ጠዋት 60 ወርዶ ማታ 250 የሚወጣ ሰውና ቀኑን ሙሉ 154 አካባቢ የሚውል ሰው ሁለቱም 7 ሊወጣላቸው ይችላል። ኤዋንሲው አይለያቸውም፣ ደብተሩ ነው የሚለያቸው።

እመቤት ገራዶ

እኔ የመጣሁት በተቃራኒው መንገድ ነው። ስኳር የለብኝም ነበር። አምና ድካም ሲበዛብኝ ምርመራ አደረግሁ። ኤዋንሲ 6.6 ወጣና «ስኳር ጀምሮሻል» ተባልኩ። ከ6.5 በላይ ስኳር ነው አሉ። ሜትፎርሚን ተጻፈልኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ እናቴ በስኳር እግሯን ያጣች ሰው ነች።

በኋላ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። የባዶ ሆድ ስኳሬን አሠሩ፣ 92። ከሳምንት በኋላ ደግመው አሠሩ፣ 94። ሄሞግሎቢኔ 8.7 ነበር። የወር አበባዬ በጣም ይበዛል፣ ማዮማ ነበረብኝ። ሐኪሟ «ይህ የብረት እጥረት ነው፣ ስኳር ነው ለማለት አልቸኩልም» አለችኝና ሜትፎርሚኑን አስቆመችኝ። የአይረን ክኒን ሰጠችኝ። ወራት ቆይተን ደሜ ሲስተካከል ኤዋንሲው 5.6 ሆነ። ስኳር የሚባል ነገር የለብኝም።

ክኒኑ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራም ያጠቁራል፣ ያን አትደንግጡ።

አብዱ ፒያሳ

ላብ ሰው፣ እንግዲህ ተያዝክ። ለቦርከና ልጅ እናት ደም ማነስ ያወርዳል አልክ። ለእመቤት ደም ማነስ ጨመረ። የቱን እንያዝ?

ላብ ሰው

አልተያዝኩም አብዱ፣ ግን ብዙ ባለሙያም የሚሳሳተው እዚች ላይ ነው። «ደም ማነስ አለ ወይ» ብለህ ብቻ አትጠይቅ። «ሴሎቹ አርጅተዋል ወይስ ገና ልጅ ናቸው» ብለህ ጠይቅ።

ወባ ሴል ይገድላል። የሞተውን የሚተካው ልጅ ሴል ነው። ቁጥሩ ይወርዳል። በብረት እጥረት ጊዜ ግን መቅኒው ጥሬ ዕቃ አጥቷል። አዲስ ሴል በበቂ አይወጣም። ደሙ ውስጥ የሚዞረው አሮጌው ይበዛል፣ አሮጌው ላይ ደግሞ ስኳር ለረጅም ጊዜ ተለጥፏል። ቁጥሩ ስኳር ሳይኖር ይወጣል። የቢ12 እና የፎሌት እጥረትም ወደዚያው ነው የሚወስደው። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊቀንስበት ስለሚችል ይህንንም ልብ ማለት ነው።

የብረቱ ነገር ግን በሁሉም ላይ እኩል አይጨምርም። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ነው፣ ቁጥሩ ጠርዝ ላይ ላለ ሰው ግን ያ ትንሽ ይበቃል። 6.6 ጠርዝ ነው። 10 ቢሆን ኖሮ በብረት እጥረት አላመካኝም ነበር።

ደግሞ እዩት። እመቤት ክኒኑን እንደጀመረች በወሩ ተለክታ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? መቅኒው ብረት ሲያገኝ ልጅ ሴል ያጎርፋል። ቁጥሩ ከእውነተኛውም በታች ሊወርድ ይችላል። ያው ሰው፣ ያው ደም ማነስ፣ በጥቂት ሳምንት ልዩነት መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ታች ይዋሻል።

ሲስተር ዘነበች

ደህና ናችሁ ልጆቼ? እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፣ የሠራሁትም ወሎ ውስጥ ነው። ላብ ሰው በደንብ አስረድቷል። ሁለት ነገር ግን ዘሎብኛል።

አንደኛው፣ ማሽኑንም እንዲህ አምነህ አትደገፍበት። ደም ባነሰው ሰው ላይ የጣት ማሽን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያነባል። ጠብታው ውስጥ ሴሉ ሲያንስ ፈሳሹ ስለሚበዛ ነው። ልጄ፣ እናትህ ደማቸው 6 በነበረ ጊዜ የለካኸው ካለ እሱን ከደብተሩ አውጣው።

ሁለተኛው፣ የአርቲሱኔት መርፌ የወሰደ ሰው ከዳነ በኋላም ደሙ እንደገና ሊፈነዳ ይችላል። አንድ ሳምንትም ይሁን አራት ሳምንት ቆይቶ ይመጣል። ሽንታቸው ጠቁሮ ነበር? ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር? ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ ሲቢሲ ስንት ጊዜ ተሠራላቸው?

የቦርከና ልጅ

ሲስተር፣ አላህ ይስጥልኝ። ከወጣች በሁለት ሳምንቱ አካባቢ ሽንቷ እንደ ሻይ ሆኖ ነበር። ውሃ ስለማትጠጣ ነው ብለን ተውነው፣ በራሱ ጠፋ። ሲቢሲ የተሠራው አንዴ ብቻ ነው፣ ያው በኤዋንሲው ቀን። ደብተሩን የጀመርኩት ደግሞ ከቀጠሮው በኋላ ነው፣ ደሟ 6 በነበረ ጊዜ የተለካ የለበትም።

ሲስተር ዘነበች

ስለዚህ በመሐሉ አንዴ ወርዶ እንደገና የወጣ ይሆናል። አሁን 11.4 ከሆነ ደግ ነው፣ ግን ድገሙት። ለኤዋንሲውም ቢሆን ይህ ትርጉም አለው። ሴሎቹ ሁለት ጊዜ ታድሰዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ሽንት እንደ ሻይ ሲሆን ግን ሌላ ጊዜ ቤት አትቀመጡ።

ላብ ሰው

ሲስተር፣ ልክ ነዎት። በ11.4 የማሽኑ ስህተት ያን ያህል አይሆንም ብዬ ነው ያለፍኩት። ግን ከመገመት መፈተን ይሻላል። የቦርከና ልጅ፣ እንዲህ አድርግ። ጠዋት ሳይበሉ ላቦራቶሪ ውሰዳቸው። ከክንድ ደም ሲቀዳ በዚያው ደቂቃ በራስህ ማሽን ጣታቸውን ለካ። ጣታቸው በሳሙና ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ሁለቱን አስተያይ። እስከ አሥራ አምስት በመቶ ቢለያዩ ማሽኑን አትጣለው።

ሰዓዳ ሸዋ በር

ደሴ ከፍታ ቦታ ስለሆነ ደማችን ይበዛል ይባላል። ታዲያ የእኛ ሰው ኤዋንሲ በዚህ የተነሳ ከፍ አይልም? የአብሹንም ነገር ማንም አልመለሰልኝም።

ላብ ሰው

ሰዓዳ፣ ከፍታው ሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርጋል፣ እውነት ነው። ኤዋንሲ ግን መቶኛ ነው። የሄሞግሎቢኑ ብዛት ብቻውን መቶኛውን አያወጣውም። አብሽ ስኳርን ትንሽ ቢያወርድ እንኳ የወረደው ስኳር ማሽኑም ላይ መታየት ነበረበት። እዚህ ማሽኑ 190 ነው የሚለው።

የቦርከና ልጅ

ተመልሻለሁ። ትናንት ጠዋት ወሰድኳት። ከክንድ የተቀዳው 171፣ የእኔ ማሽን 180። ሲቢሲው 11.8 ሆኗል። ማሽኑ ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ሐኪሙን አግኝቼ ስለ ወባውና ስለ ደሙ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ካርዱን አዩና «ይህን ያኔ ብትነግሩኝ ኤዋንሲውንም አላዝም ነበር» አሉ። ግሊቤንክላማይዱ እንደነበረ እንዲቀጥል አደረጉ። እሳቸውም አሁን በደብተሩ ነው የምንሄደው አሉ። ጠዋት በባዶ ሆድና ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ እየለካሁ በሁለት ሳምንት ላሳያቸው ነው። መጨመር ካለበትም ያኔ እንወስናለን ብለዋል።

እናቴ ግን ተቆጥታለች። «5.9 ብለውኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አንተ ፈልገህ ስኳሬን መለስክብኝ» ትላለች።

እመቤት ገራዶ

ሃሃሃ፣ እናቶች! ግን እሳቸው ይድኑ እንጂ ይቆጡ። ማሽኑን ባታምን ኖሮ መድኃኒቱ ተቀንሶ 250 ላይ ይቀመጡ ነበር። የእኔ ደግሞ በዚያ ቁጥር ላይ ግሊቤንክላማይድ ቢታዘዝልኝ ኖሮ ስኳር ሳይኖርብኝ ስኳሬ ወርዶ መንገድ ላይ እወድቅ ነበር።

አብዱ ፒያሳ

ታዲያ ኤዋንሲው ለእሳቸው መቼ ነው የሚታመነው? ለዘላለም ተሰናበቱት?

ላብ ሰው

አይሰናበቱትም። ደም ከገባላቸውና ከወባው ሦስት ወር ሲሞላ ድገሙት እላለሁ። ያኔ ልጅ የነበሩት ሴሎች ይበስላሉ፣ ሁሉም ዕድሜ የተቀላቀለበት ደም ይሆናል። እስከዚያ በመሐል አማካይ ማየት ከፈለጉ ፍሩክቶሳሚን የሚባል ምርመራ አለ። እሱ የሚያየው የደም ፕሮቲን ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው። የቀይ ሴል ዕድሜ አይነካውም፣ የሚያሳየውም ያለፈውን ሁለትና ሦስት ሳምንት ነው። በሽንቱ ብዙ ፕሮቲን የሚወጣበት ሰው ላይ ግን እሱም ያሳስታል። ሁሉም ጋ አይሠራም፣ ናሙና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ላቦራቶሪ ካለ ጠይቁ።

ሲስተር ዘነበች

ሦስት ወሩን ከየት ነው የምትቆጥረው? እኔ ደማቸው ከረጋበት ቀን ነው የምለው። ሽንታቸው የጠቆረው ከሆስፒታል ወጥተው ነው፣ አሁንም 11.4 ወደ 11.8 እየወጣ ነው። እየወጣ ያለ ደም ልጅ ሴል የበዛበት ነው። ከመርፌው ቀን ብትቆጥር የካቲት ላይ ትለካለህ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይወጣና እንደገና ትደሰታላችሁ።

ላብ ሰው

ሲስተር፣ በሐሳብ ደረጃ እስማማለሁ። ግን ደሙ ረጋ የምንለው መቼ እንደሆነ ማን ይወስናል? 12 ሲሞላ ነው? እኔ የካቲት ላይ ይሠራ፣ ከደብተሩ አማካይ ጋር ይተያይ ነው የምለው። ካልገጠሙ ይቆይ።

ሲስተር ዘነበች

ስትሪፕ በውድ እየገዙ ለሚለኩ ሰዎች አንድ የማይታመን ኤዋንሲ ማሠራትም ገንዘብ ነው ልጄ። እኔ መጋቢት እላለሁ።

የቦርከና ልጅ

ሁለታችሁንም ይዤ ለሐኪሙ እነግራቸዋለሁ። ስትሪፑን በተመለከተ እውነት ነው፣ በቀን ሁለቴ ነው የምችለው። አንድ ቀን የጠዋትና የምሳ፣ አንድ ቀን የጠዋትና የእራት እያፈራረቅኩ ነው።

ተጓዥ ኩታበር

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። አባቴ ዲያሊሲስ ላይ ናቸው፣ ደም የሚጨምር መርፌም በየሳምንቱ ይወጋሉ። ስኳርም አለባቸው። ኤዋንሲያቸው ሁልጊዜ 6 አካባቢ ነው፣ ከማሽኑ ጋር ተጣጥሞ አያውቅም። እሳቸውም እንደዚህ ናቸው?

ላብ ሰው

አቅጣጫው ያው ነው፣ ወደ ታች። በኩላሊት ድካም ሴሎቹ ቶሎ ይሞታሉ። መርፌው ደግሞ አዲስ ያስወልዳል። ልዩነቱ የቦርከና ልጅ እናት ሦስት ወር ቆይቶ ያልፋል፣ የአባትህ ግን ዲያሊሲሱ እስካለ የሚቀጥል ነው። ስለዚህ የእሳቸውን 6 እንደ ጤነኛ ሰው 6 አታንብበው። አዲስ ክር ክፈትና የጠዋቱንና ከምግብ በኋላ ያለውን ቁጥር፣ ሄሞግሎቢኑንም ጻፍልን። ዲያሊሲስ ከመግባታቸው በፊት የተለካውንና ከወጡ በኋላ ያለውን ለየብቻ አድርገው።